ኩብራ በሚያብረቀርቅ ወረቀት

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ይህን ተረት ያወጣው ሰው የሞኙን ነገር አጥርቶ ያውቅ ይሆናል። የወረቀቱን ነገር ግን ጭሮ ከተማ መጥቶ ረዲያን ቢጠይቃት ይሻለው ነበር። ረዲያ በአሥራ ስድስት ዓመት የማተሚያ ሥራዋ የያዘውን ሲለቅ ያላየችው የወረቀት ዓይነት የለም። ፀሐይ የጠጣው አለ፣ ውሃ ያጠበው አለ፣ ሲታጠፍ ቀለሙ የተሰነጠቀ አለ። አንድ የቦርደዴ መድኃኒት ቤት በር ላይ የተለጠፈ ሥዕል በዚያ ቆላ ፀሐይ በሁለት ወር ውስጥ ነጥቶ ሲመጣላት እንኳ አልተገረመችም። መገረም ጉልበት ይፈልጋል፣ እሷ ደግሞ ጉልበቷን ለሥራው ነው የምትቆጥበው።

ያን ጠዋት ሱቋን ስትከፍት ወገቧ ገና ከትናንቱ አላረፈም ነበር። ሱቁ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ ባጃጆች ተሰልፈው ቀኑን ሙሉ ጡሩምባ የሚነፉበት ቦታ ላይ ነው። ውስጡ ሁለት የፈሳሽ ቀለም ማተሚያ፣ አንድ ሌዘር፣ አንድ ላሚኔት ማድረጊያ፣ ለደንበኛ የሚሆን አንድ አግዳሚ አለ። የሱቁ ባለቤት ረዲያ አርባ አምስት ዓመቷ ነው፤ ደክሞኛል ማለትም ራሱ የደከማት ሴት ናት።

መጀመሪያ የገባው መምህር ጌዲዮን ነበር። የትምህርት ቤቱን የምረቃ መጽሔት ሊያሳትም ነው የመጣው፤ አርባ ስምንት ገጽ፣ በየገጹ የተማሪዎች ፎቶ። ውስጡም ሽፋኑም በዚያ በወፍራሙ የፎቶ ወረቀት እንዲሆንለት ፈለገ። ረዲያ ይህን ንግግር በዓመት አርባ ጊዜ ታደርገዋለች፣ ስለዚህ ሳታስብ ከአፏ ይወጣል። አርባ ስምንት ገጽ ማለት ለሁለት የሚታጠፍ አሥራ ሁለት ወረቀት ነው። አሥራ ሁለት ወፍራም ወረቀት አንድ ላይ ተጣጥፎ ተሰፍቶ አይተኛም፤ እንደ ተራበ አዞ አፉን ከፍቶ ይቀመጣል። ሰማንያ ግራሙ፣ ደብዳቤ የሚጻፍበት፣ ለመታጠፍ ይመቻል፤ ግን በሁለት በኩል ፎቶ ሲታተምበት የጀርባው ልጅ በፊተኛው ልጅ ግንባር ላይ ይታያል። ስለዚህ ለውስጡ መቶ ሃያ ግራም፣ ለሽፋኑ ሁለት መቶ ሃምሳ። ሽፋኑ ከመታጠፉ በፊት ደግሞ መታጠፊያው ላይ መስመር ይረገጥበታል፣ አለበለዚያ ቶነር የሚባለው የሌዘሩ ዱቄት ቀለም እዚያው ላይ ይሰነጠቃል።

መምህሩ የፎቶ ወረቀቱን ብልጭልጭታ እያየ አልተዋጠለትም። ሌዘሩ ፈጣን ከሆነ ለምን በሱ በዚህ ወረቀት አይታተምም አላት። ረዲያም ሌዘር ዱቄት ቀለም በግለት አቅልጦ እንደሚያጣብቅ፣ ያ ብልጭልጭ ወረቀት ደግሞ ለፈሳሽ ቀለም ተብሎ የተለበጠ በመሆኑ ልባጩ ቀልጦ ማሽኑ ውስጥ እንደሚቀር ነገረችው። ሰውዬው አመነም ተሸነፈም፣ ለናሙና አንድ ቅጠል ይዞ ሄደ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አግዳሚው ጫፍ ላይ አንዲት አሮጊት ተቀምጠው ነበር። መምህሩ እስኪወጣ አንዴም አላቋረጡ። ሲወጣ ተነሱና ከሻሻቸው ጫፍ የተቋጠረ ነገር ፈቱ። ረዲያ ፊታቸውን ከማስታወሷ በፊት የፈቱትን ፎቶ አስታወሰችው። ሞሚና ናቸው፣ የቦኬዋ፣ የኩብራ እናት።

ኩብራ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ታማ የሞተች ልጃቸው ናት። ከአራት ወር በፊት፣ የኢድ ዋዜማ ዕለት፣ ሞሚና ከልጅቱ ስልክ የተገኘ አንድ ፎቶ ከሰው በተዋሱት ሚሞሪ ካርድ ይዘው መጥተው ነበር። ኩብራ ቀይ ሻሽ አድርጋ፣ ሂና የተቀባ እጇን ደረቷ ላይ አሳርፋ፣ ገና ፈገግ ሳትል፣ ግን ልትል የደረሰች። ሌላ ፎቶ አልነበራትም፤ መታወቂያም ገና አላወጣችም ነበር።

ያን ቀን ሱቁ ሞልቶ እስከ መንገዱ ተሰልፈው ነበር። ረዲያ ጾመኛ ናት፣ ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት ጀምሮ ቆማለች። የሚሆነውን ታውቅ ነበር፤ ስታውቅ ነው ያጠፋችው። ካሉት ሁለት የቀለም ማተሚያዎች አንዱ ፒግመንት የሚባለውን ይጠቀማል። ያ ቀለም ደቃቅ ብናኝ ነው፣ በማያብረቀርቀው በማት ወረቀት ላይ ገብቶ ይቀመጣል፣ ከደረቀ ውሃን ይችላል። ሌላው ቀለሙ ውሃ ውስጥ የሟሟ ነው። በሚያብረቀርቅ ፎቶ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ሰው በሕይወት ያለ ያስመስላል፣ ውሃ ሲነካው ግን መልሶ ይሟሟል። ያን ዕለት የፒግመንቱ ማሽን ቀለም የሚረጭበት አፉ ደርቆ ተደፍኖ ነበር። ለማጽዳት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ የቦኬ መኪና ደግሞ ሊነሳ ነው። ሞሚናም የሚያበራውን ወረቀት በጣታቸው አሳዩ፤ ልጄ ብርሃን ነበረች አሉ። ረዲያ ሁለት መቶ ሠላሳ ግራሙን ብልጭልጭ ወረቀት አስገብታ በሟሟው ቀለም አተመችላቸው። በላሚኔት ፕላስቲክ ልታሽገው ነበር፤ ቀለሙ እስኪደርቅ ስትጠብቅ መብራት ጠፋ። በፖስታ አድርጋ ሰጠቻቸው።

ቀጥሎ በሱቁ ደንብ መሠረት ፋይሉን እሳቸው እያዩ ከኮምፒውተሩም፣ ወደ ባለቤቱ ከሚመለሰው ካርድም አጠፋችው። በዚህ ከተማ የሴት ልጅ ፎቶ ማተሚያ ቤት ውስጥ አይቀመጥም። ደንበኛ ሁሉ ይህን ስለሚያውቅ ነው ልጁንና ሚስቱን ለረዲያ የሚያምነው። የልጅቱም ስልክ ቀድሞ ተሸጦ ነበር።

አንድ ዓረፍተ ነገር ቀርቶ ነበር፦ ውሃ አያስነኩት፣ መስታወት ውስጥ ያድርጉት። ረዲያ ለሁሉም የምትለው ነገር ነው። ያን ቀን ደከማትና አላለችውም።

አሁን ፎቶው ጠረጴዛው ላይ ነው። ቀዩ ሻሽ አለ፣ ትከሻው አለ፣ ሂና የተቀባው እጅ ጣት በጣት አለ። ፊቱ የነበረበት ቦታ ግን ተልጦ የነጣ ጉም ነው፤ ዙሪያውን ሮዝ ነገር ተንጠባጥቦ ደርቋል። ዓይን የለም፣ አፍ የለም።

ሞሚና አልተቆጡም። የነገሩን አመጣጥ እንደ ጥፋተኛ አንገታቸውን ደፍተው ተናገሩ። ፎቶውን ሣጥን ውስጥ ያኖሩታል። ታጥበው ውዱእ አድርገው ሲጨርሱ፣ ወደ ሶላታቸው ከመቆማቸው በፊት፣ አውጥተው ጉንጯን ይዳስሳሉ፣ መልሰው ይቆልፉበታል። በቀን አምስት ጊዜ፣ በእርጥብ እጅ። ፊቷ እየሳሳ ሲሄድ ዓይኔ ነው ብለው ነበር፣ ሞራ የጋረደኝ ነው ብለው። በመጨረሻ ለጎረቤታቸው አሳዩ። ጎረቤቲቱ ደግሞ፣ ምላሷ ይቆረጥና፣ ሥዕል ከሶላት አስቀድመሽ አላህ ፊቷን ደመሰሰብሽ አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር እንቅልፍ የለም። የመጡት ሊከሱ አይደለም። በዚያ በኮምፒውተሩ ውስጥ ድንገት ቀርታ እንደሆነ ሊጠይቁ ነው። ከሌለች የአላህ ፍርድ ነው፣ ይቀበሉታል።

ረዲያ እንደሌለ እያወቀች ፈለገች። አቃፊ ከፈተች፣ ዘጋች፣ ሌላ ከፈተች። እጇ ሲፈልግ ልቧ ሌላ ነገር ያሰላ ነበር። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ሴትዮዋ ጥፋቱን ተሸክመውት መጥተዋል፣ ተሸክመውት ይመለሳሉ። ብትናገር ግን ነገ ቦኬ ይሰማል፣ ከነገ ወዲያ ጭሮ፤ ረዲያ የሞተች ልጅ ፎቶ በሚታጠብ ቀለም አተመች ይባላል። አሥራ ስድስት ዓመት የገነባችው ስም ነው። አለመናገር ደግሞ ምንም ድካም የለውም።

ግን አየቻቸው። እኚህ ሴት ልጃቸውን ሁለተኛ የቀበሩት በገዛ እጃቸው መስሏቸዋል። ያንን ይዘው መኪና ሊሳፈሩ ነው። ረዲያ ከወንበሯ ተነስታ አግዳሚው ላይ አጠገባቸው ተቀመጠች። አፍራ ነበር።

«አዮ ሞሚና፣ እናቴ፣ አላህ አይደለም፤ እርስዎም አይደሉም» አለች። «ቀለሙ ነው። ውሃ የማይችል ቀለም ነው ያደረግሁበት። የሚችለው ማሽን ተበላሽቶ ነበር፣ ማጽዳቱ ደከመኝ። ውሃ አያስነኩት እንኳ አላልኩዎትም።»

ውጭ አንድ ባጃጅ ሦስቴ ጡሩምባ ነፋ።

«ሦስት ወር» አሉ በመጨረሻ። «ሦስት ወር ሙሉ፣ አላህ ይማረኝ እያልኩ፣ ባንቺ ቀለም ተውበት ሳደርግ ነበር።»

ረዲያ ይቅር ይበሉኝ አለች። ሞሚና ይቅር ብዬሻለሁም አልልሽምም ሳይሉ የቀረው ይትረፍልኝ አሉ፤ ነገ ደግሞ ሻሹ እንዳይሄድ ፈርተዋል።

ረዲያ የሱቁን በር ገርበብ አድርጋ የፒግመንቱን ማሽን አፍ ማጽዳት ጀመረች። አንዴ አጸዳች፣ የሙከራውን መስመር ስታትም ጥቁሩ ተቆራርጦ ወጣ። ደገመች። በሦስተኛው መስመሩ ሁሉ ሳይቆረጥ ወጣ። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም፣ ይህም አናደዳት። ፎቶውን በስካነር አነሳችው፣ በኮምፒውተሩ ማያ ላይ አደረገችው። ጉሙን ቆርጣ አውጥታ እጁን ብቻ ትልቅ አድርጋ ልታትመው አሰበች፤ ሂናው እንኳ ጥርት ብሎ ይታይ ነበርና። ለሞሚናም አሳየቻቸው።

«አትቁረጪው» አሉ። «ፊቷ የት እንደነበረ እኔ አውቃለሁ።»

እንዳለ ታተመ፣ ሁለት መቶ ግራም ማት ወረቀት ላይ። አላብረቀረቀም፤ ሻሹም ያን ያህል አልነደደም። ረዲያ በደንብ እስኪደርቅ አቆየችው። ከዚያ እንዲሁ አይመኑኝ ብላ ጣቷን በብርጭቆ ውሃ ነክራ፣ የሻሹን ዳር እሳቸው እያዩ አሸችው። ቀዩ ከቦታው አልተነቃነቀም። ደረቅ ያለ እጅ ይሻላል፣ መስታወት ውስጥ ቢገባ ደግሞ የበለጠ ይሻላል አለቻቸው፤ በዚህኛው ቀን ምንም አላስቀረችም።

ሞሚና የውሃውን ብርጭቆ ወደ ራሳቸው ሳቡት። ጣታቸውን ነከሩና ነጩ ጉም ላይ፣ በግራ በኩል፣ ጉንጩ በነበረበት ላይ አሳረፉ። ቀስ ብለው ዳሰሱት። ከዚያ ጣታቸውን አንስተው ወደ በሩ ብርሃን አዙረው አዩት። ንጹሕ ነበር።

«ያኔ» አሉ፣ ከረዲያ ይልቅ ለጣታቸው የሚናገሩ ይመስል ነበር፣ «ስዳስሳት ጣቴ ላይ ሮዝ ነገር ይቀርልኝ ነበር። የጉንጯ ቅላት ወደ እኔ መጣ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።»