ድምፁ ላይ የሌለው ምሳሌ

የእህቴን ደብተር ዶሮ የጫረው ይመስላል ብል ዶሮዋን መስደብ ይሆንብኛል። ዶሮ ስትጭር ቢያንስ የምትፈልገውን ታውቃለች።

እታለም የመምህራን ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። እኔ ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት ያለች ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጥኩት ጭንቅላት አንሶኝ አይደለም። ቤታችን ሁለት ሴት ልጅ የሚያስተምርበት አቅም አልነበረውም፤ ታላቅ እሷ ስለሆነች ዕድሉ የእሷ ሆነ። እሷ ክፍል ገብታ የመምህሩን ድምፅ በስልኳ ትቀዳለች፣ ደብተሯ ላይም ትጭራለች። ሁለቱንም አምጥታ እኔ ፊት ትጥላቸዋለች።

መጀመሪያ ምንም ሳልጽፍ እስከ መጨረሻው አዳምጣለሁ። አንዱ ጆሮዬ ማዳመጫው ላይ፣ ሌላው ደንበኛ ላይ። በሁለተኛው ዙር ደቂቃውን እየያዝኩ እከፋፍለዋለሁ፤ ይህ ርዕስ ነው፣ ይህ ትርጓሜ ነው፣ ይህ ምሳሌ ነው፣ ይህ ደግሞ መምህሩ ስለ ሚስቱ ወንድም ያወራው ነው። ሰው ሲያስተምር በመስመር አይሄድም። የሥነ ልቦናው መምህር በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ «አሉታዊ ማጠናከሪያ ማለት እንግዲህ እንደ ቅጣት ያለ ነገር ነው» አለ። በአርባ አንደኛው ደቂቃ ደግሞ «ቅድም ያልኩትን አርሙልኝ» ብሎ መለሰው። እታለም ደብተር ላይ ያለው የአሥራ ሁለተኛው ብቻ ነው። በአርባ አንደኛው አበባ እየሳለች ነበር፤ አበባው ደብተሩ ላይ አለ።

ስለዚህ ከርዕሱ ሥር ትክክለኛውን ጻፍኩ፤ «አሉታዊ ማጠናከሪያ፦ አንድን ነገር ስናደርግ የማንወደው ነገር ሲወገድልን፣ ያን ማድረጋችን ወደፊት ሲጨምር። ቅጣት ግን ድርጊትን ይቀንሳል።»

ችግሩ ምሳሌው ነበር። መምህሩ «ለምሳሌ» ሲል የጎረቤት ክፍል ተለቀቀና የወንበር ጩኸት ዋጠው። አሥር ጊዜ መልሼ ብሰማም «ገባችሁ?» የሚለው ብቻ ነው የሚሰማው። ያለ ምሳሌ ትርጓሜ ለእታለም ዳገት መሆኑን ስለማውቅ ከራሴ ጨመርኩ።

«ታላቅ እህት ሥራ ሲከብዳት ታለቅሳለች። ታናሽ ሥራውን ስትቀበላት ለቅሶው ያቆማል። ታናሽ ጆሮዋ ስላረፈላት በሌላ ቀን እንባው ገና ሳይመጣ እጇን ትዘረጋለች። የተጠናከረው የታናሽ እሺ ባይነት ነው።»

በግራ ህዳግ ላይም እንዲህ አልኩ፤ «እታለም፣ ይህን መምህሩ አላለውም። የእሱ በወንበር ጩኸት ተውጧል። እኔ የጨመርኩት ነው፤ ራሱን ጠይቂው።»

ለዚህ ሁሉ የጠየቅኳት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ለመምህሩ አሳይው፤ ማን እንደሠራው ንገሪው።»

«ለምንሽ?»

«አንድ የሚያውቅ ሰው እንዲያውቅልኝ።»

«እሺ የኔ ምላሰኛ፣ እነግረዋለሁ» አለችኝ፤ ጉንጬን ቆንጥጣ።

ከፈተናው ሁለት ሳምንት በኋላ የክፍሏ ተጠሪ ኮፒ ቤት ድረስ መጣ። እታለም ከኋላው ቆማለች፤ ዓይኗ ጫማዋ ላይ ነው።

«አንቺ ነሽ?» አለኝ።

«ምኑን?»

«ማስታወሻውን የጻፍሽው። እታለም አንቺ ነሽ ብላናለች።»

እውነቱን ልናገር፣ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። በመጨረሻ ተነገረልኝ ብዬ።

«እኔ ነኝ» አልኩ፣ ቀና ብዬ።

«እንግዲያው ነይና ለመምህሩ አስረጂ። ሃያ ሦስት ሰው አንቺ የፈጠርሽውን ተረት ፈተና ላይ ጽፎ ተኮራርጃችኋል ተብሏል። ፈተናው ሊሰረዝብን ነው።»

«ስትቀበሉትስ ማን ነው ያዘጋጀው ብላችሁ ነው?»

«በፊትማ እኔ ነኝ ነበር ያለችን። ዛሬ ነው የኮፒ ቤቷ እህቴ ናት ያለችው።»

እታለም አሁንም ጫማዋን ታያለች። ሲያምር ስሙ የእሷ፣ ሲበላሽ ስሙ የእኔ።

ከፈተናው በኋላ እታለም የመለሰችልኝን ዋናውን ወረቀት ከመሳቢያዬ አውጥቼ ተከተልኳቸው።

የመምህሩ ቢሮ ጠባብ ናት፤ ከጠረጴዛው ፊት አንድ ወንበር ብቻ አለ፣ እሱም ላይ የተቆለሉ የፈተና ወረቀቶች ተቀምጠዋል። ቆምን። መምህሩ ተማሪዎቹ የተካፈሉትን ኮፒ አሳየኝ። ገና ሳየው ገባኝ። ሌላ ሱቅ ወስዳ ነው ያስነሳችው፤ እኔ እንዳላይ። በግራ በኩል ከላይ እስከ ታች ቀጭን ጥቁር መስመር ወርዷል። በቀን ሦስት መቶ ገጽ የሚያነሳ ሰው ይህን መስመር ያውቀዋል፤ ወረቀት ታጥፎ ሲነሳ እጥፋቱ ጥላ ይጥላል።

«ህዳጉ ታጥፎ ነው የተነሳው» አልኩና የእኔን አጠገቡ አስቀመጥኩ።

መምህሩ መነጽሩን አስተካክሎ ህዳጉን ጮክ ብሎ አነበበው። «እታለም፣ ይህን መምህሩ አላለውም...» ተጠሪው ወደ እህቴ ዞረ። መምህሩ ግን አላቆመም፤ ምሳሌውንም እስከ መጨረሻው አነበበው። አንብቦ ሲጨርስ ቀና ብሎ መጀመሪያ እሷን፣ ከዚያ እኔን አየ።

እህቴ ያን ጊዜ ነው የገባት። ፈተና ላይ በገዛ እጇ ቃል በቃል የገለበጠችውን፣ ማን ስለ ማን እንደጻፈው። ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኔ እጆቼን ደረቴ ላይ አጣጠፍኩ።

«የት ነው የተማርሽው?» አለኝ መምህሩ።

«እርስዎ ጋ። በጆሮዬ።»

ፈገግ ሊል ፈልጎ ተወው። «ምሳሌው ልክ ነው። እንዲያውም እኔ ከሰጠሁት ከመኪናው ቀበቶ ይሻላል። ቀበቶህን እስክታስር መኪናዋ ትጮኻለች፣ ስታስር ዝም ትላለች፤ ያ ነበር የእኔ።»

«እንግዲያው ማርካችንን ይመልሱልናላ፣ መምህር» አለ ተጠሪው።

«ኩረጃ አለመሆኑን ተረድቻለሁ፤ ፈተናው አይሰረዝም። ጥያቄው ግን ‹በክፍል ውስጥ የተሰጠውን ምሳሌ› ነው የሚለው። ይህ ክፍል ውስጥ አልተሰጠም። የጥያቄው አሥራ አምስት ማርክ ዜሮ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ለወደፊቱ እኔ ያላልኩት እንዳይገባ» አለ።

ወረቀቴን መለሰልኝ። ስሜን አልጠየቀኝም።

ደረጃው ላይ ተጠሪው እህቴን ትቶ እኔን ያዘኝ። «የሚቀጥለውንም አንቺው ሥሪልን። ግን እባክሽ ፈጠራ አታብዢ፤ አዋቂ ነኝ እያልሽ ሰው አትጣዪ።» ጭራሽ እኔ ነኝ የጣልኳቸው።

እታለም ዘጠኝ ቀን አላናገረችኝም። በአሥረኛው ቀን ጠዋት ስልኳንና ደብተሯን የቁርስ ጠረጴዛው ላይ፣ ከኩባያዬ አጠገብ ተቀምጠው አገኘሁ። «ስለ መርሳት ነው» አለች፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ።

ሠራሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ንጹሕ ማስታወሻ ሠርቼ አላውቅም። ርዕሱ፣ ንዑስ ርዕሱ፣ ትርጓሜው ሁሉ በየቦታው ነው። «የቀድሞው አዲሱን ሲያውክ፦ ቀድሞ የተማርነው ነገር አዲስ የምንማረውን እንዳናስታውስ ሲያደርግ።» ከሥሩ «አዲሱ የቀድሞውን ሲያውክ» አለ፣ የዚያ ተገላቢጦሽ። መምህሩ በሁለቱም ላይ «ምሳሌ ራሳችሁ ፈልጉ፣ ፈተና ላይ እጠይቃችኋለሁ» ብሎ አልፏል። እኔም በሁለቱም ሥር «ምሳሌ፦ መምህሩ አልሰጠም» ብዬ ባዶ መስመር ተውኩ።

እታለም አነበበችው። ባዶዎቹ መስመሮች ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ምሳሌ የለውም?»

«ድምፁ ላይ የለም።»

«አንቺ ግን ታውቂያለሽ።»

«ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት አውቃለሁ።»

ጠበቀችኝ። ኩባያዬን አነሳሁና ጠጣሁ። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ምን አደርግ እንደነበር ዛሬም አላውቅም። እስክሪብቶ አውጥታ ደጋግማ አሰበች። ከዚያ «የቀድሞው አዲሱን ሲያውክ» ከሚለው ሥር በቀስታ ጻፈች፤ «አዲሱን ስልክ ቁጥሬን ስለያዝኩ የድሮው ጠፋኝ።»

የተገላቢጦሽ ነው። የሚገባው አንድ ርዕስ ዝቅ ብሎ ነው፤ ጣቴን ዘርግቼ አንዴ ብጠቁማት ይበቃ ነበር።

«ልክ ነው?» አለችኝ።

«ድምፁ ላይ የለም አልኩሽ።»

ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ለክፍል ጓደኞቿ ልታካፍል ወጣች።