ለዚያራው የተጠየቀ ወር

ሳቢሪን ሥራ ስትፈልግ ከርማ ከርማ፣ ሥራው የተገኘው በማይሆን ጊዜ ነው። አዳማ ያለ አንድ የተራድኦ ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት ሊቀጥራት መወሰኑን በኢሜይል ላከላት። ደመወዙ መልካም፣ ሥራ መጀመሪያው ግንቦት አንድ። ሮቤ ውስጥ እንዲህ ያለ መልእክት የደረሰው ሰው ጎረቤቱን ጠርቶ እልል ያስብላል። እሷ ግን ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ጎባ ሆስፒታል ሐኪሙ ለብቻዋ ጠርቶ፣ የአባቷ ጉበት ከእንግዲህ እንደማይድን ነግሯት ነበር። እሷ ለእናቷ ለሰይዳ ነገረች፤ ለአባቷ ለአሊዪ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። በእኛ አገር ለበሽተኛ እውነቱን የሚነግር ሰው ከበሽታው እኩል ይጠላል። አሊዪም የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለአረፋ በዓል ከልጃቸው ጋር ለዚያራ ወደ ቅዱሱ ስፍራ ወደ ሼክ ሁሴን መድረስ። የዚያራ መንገደኛ የሚይዛትን ጫፏ መንታ የሆነ በትር ወልውለው ከበሩ ጀርባ አቁመዋታል። አረፋ ደግሞ የሚውለው ግንቦት ውስጥ ነው።

ሳቢሪን መልስ ጻፈች። ሥራውን በደስታ እንደምትቀበል፣ ደመወዙ ላይ ጥያቄ እንደሌላት፣ ነገር ግን «በቤተሰብ ጉዳይ ምክንያት» ሥራ መጀመሪያዋ ወደ ሰኔ አንድ እንዲዛወርላት ጠየቀች። መጀመሪያ «አባቴ በጠና ታመዋል» ብላ ነበር፤ አጠፋችው። ከጻፍኩት እውነት ይሆናል ብላ ፈራች። ፍርሃት ዲግሪ አይቶ አይመለስም።

በማግስቱ የድርጅቱ የሰው ኃይል ኃላፊ ወይዘሮ አዜብ ደወሉ። ሳቢሪን አባቷን ትራስ እያስደገፈች ነበር፤ ስልኩን እዚያው አነሳች።

«ሳቢሪን፣ ጥያቄሽን አይቼዋለሁ። የሰኔው ሪፖርት ያላንቺ አይወጣም፤ ወር ሙሉ መጠበቅ ይከብደናል። ጉዳዩ ምንድን ነው? የታመመ ሰው አለ?»

አሊዪ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ጆሯቸው ግን ንቁ ነው።

«አይ… ዚያራ ነው። ከአባቴ ጋር ሼክ ሁሴን ልንሄድ።»

«ለጉዞማ አለቃዬን ማሳመን አልችልም። ሕመም ቢሆን እከራከርልሽ ነበር።»

«እሺ፣ ግንቦት አንድ ጀምሬ ለአረፋ ጥቂት ቀን ፈቃድ ባገኝስ?»

«የዓመት ፈቃድ የሙከራ ጊዜሽን ሳትጨርሺ አንሰጥም። ከዚያ በኋላ ግን በሳምንት ሁለት ቀን ከቤትሽ መሥራት ትችያለሽ፤ ይህን ውልሽ ላይ አስጽፍልሻለሁ። እስከ ነገ አሳውቂኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። አሊዪ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ኢንተላኮ፣ ልጄ፣ ተቀበያቸው። ሼክ ሁሴን የትም አይሄድም፤ ለሚቀጥለው አረፋ እንደርሳለን።»

«አባ፣ ግን እርስዎ…»

«እኔ ምን ሆንኩ?»

«ምንም አልሆኑም» አለች። በነጋታው «እስማማለሁ» ብላ ላከች፤ በግንቦት መባቻም አዳማ ገባች።

አረፋ ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት፣ ጠዋት ቢሮ እንዳለች ወንድሟ ዓብዱልፈታሕ ደወለ። ድምፁን ስትሰማ ሁሉም ነገር ገባት። ወይዘሮ አዜብ የፈቃድ ቅጹን ራሳቸው ሞልተው ጠረጴዛዋ ድረስ አመጡላት።

«የሐዘን ፈቃድ ሦስት የሥራ ቀን ነው፤ ከነደመወዙ። ሙከራ ላይ ላለ ሠራተኛም ሕጉ ይፈቅዳል። ልጄ፣ ምነው ያኔ ብትነግሪኝ?»

ለአባቷ ሞት ፈቃድ መለመን አላስፈለጋትም፤ ፈርማ ወጣች።

ሮቤ ስትደርስ መሽቷል። በእስልምና ሬሳ አያድርም፤ አባቷ ከሰዓት፣ የአስር ሶላት እንዳለቀ ተቀብረዋል። እናቷ እግር ላይ ወደቀች።

«እማ፣ እውነቱን ብናገር ጊዜ ይሰጡኝ ነበር። አባ አጠገቤ ተኝተው እንዴት ልናገር? ይሰሙኛል ብዬ…»

ሰይዳ ፀጉሯን ዳሰሷት።

«አባትሽ ያውቅ ነበር። ሐኪሙ አንቺን ለብቻሽ ሲጠራሽ ነው የገባው። 'ማወቄን ካወቀች ለሰዎቹ ትነግራቸውና እኔን ልታስታምም ትቀራለች፤ እንዳትነግሪያት' ብሎ አስማለኝ። ስልኩን ስታወሪም የተኛ መሰለ እንጂ አልተኛም።»

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የዚህ ቤት ዝምታ ግን ነቀዘ፤ አባት ለልጅ፣ ልጅ ለአባት እየሳሱ ሁለቱም የፈለጉትን ጉዞ አስቀሩት። ሳቢሪን በሩን ስታይ በትሯ እዚያው ቆማለች።

ከለቅሶ ቤቱ ሴቶች መካከል አንዲቷ አሮጊት፣ ክፉ ሳያስቡ፣ «ስንት ቀን ሰጡሽ?» አሏት።

«ሦስት።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ አሮጊቷ። «ሼክ ሁሴን ደርሶ ለመመለስ እንኳ ይበቃል።»