የሁለተኛዋ ነርስ ፊርማ

ሰው ሲጸልይ «ምቀኛ አታሳጣኝ» ይላል። ማሬ መጸለይ እንኳ አላስፈለጋትም፤ እኔ ያለ ደመወዝ ተመድቤላት ነበር።

«ማሬ» ያሏት ሕመምተኞቹ ናቸው። የምንሠራው የስኳር ሕመምተኞች በሚተኙበት ክፍል ነው። ማር የተከለከለ ሰው ሁሉ «ማሬ ነይ፣ ማሬ ትራሴን አስተካክይልኝ» ሲል ይውላል። እኔ እዚያው ክፍል ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት ሠርቼ «ሲስተር» ብቻ ነኝ። እሷ ገና ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ስትስቅ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል፤ ያ ሳቅ በተሰማ ቁጥር አንጀቴ ያርራል። ይኼን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ባሌ ግን ገና በር ስከፍት ፊቴን አይቶ «ዛሬም ሳቀች እንዴ?» ይለኛል።

ያን ሰሞን ደግሞ የክፍላችን ኃላፊ ጡረታ ወጡና ቦታው ክፍት ሆነ። ማትሮኗ፣ የነርሶቹ ሁሉ አለቃ፣ ከእኔና ከማሬ አንዳችንን ዓርብ ዕለት ሊመርጡ ነው ተባለ። አሥራ ስምንት ዓመት ከሦስት ዓመት ጋር እኩል ሚዛን ላይ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሬን ማናገር ተውኩ። ሥራ ካስገደደኝ በአንድ ቃል፣ ካላስገደደኝ በዝምታ።

ነገሩ የሆነው ረቡዕ ጠዋት ነው።

አልጋ ቁጥር አራት ላይ እግራቸው ቆስሎ የተኙ ሽማግሌ አናጢ አሉ። ከማሬ እጅ በቀር መርፌ አያስነኩም። «ያቺ ልጅ ስትወጋኝ ትንኝም አልነካችኝ፤ አንቺ ግን ሲስተር፣ ሚስማር ነው የምትመቺው» ብለውኛል፣ በሰው ፊት። ሚስማርስ እሳቸው ናቸው የሚያውቁት።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስኳራቸው መቶ አርባ ሁለት ነበር። ከቁርስ በፊት የታዘዘላቸው ሃያ አራት ዩኒት ነው፣ ቀስ ብሎ ከሚሠራው ኢንሱሊን። ሁለት ዓይነት ኢንሱሊን አለን፤ ፈጣኑ እንደ ውሃ ጥርት ያለ ነው፣ ዝግተኛው ደግሞ ወተት የተቀላቀለበት ውሃ ይመስላል። ሕፃንም ይለየዋል፣ ካየው። ስለዚህ ነው ኢንሱሊንን አንዲት ነርስ ብቻዋን የማትሰጠው። አንዷ ትቀዳለች፤ ሌላዋ ብልቃጡን፣ ሲሪንጁንና የመድኃኒት ካርዱን አስተያይታ ሁለተኛ ሆና ትፈርማለች።

ማሬ በአንድ እጇ ሲሪንጁን፣ በሌላው ካርዱን ይዛ መጣች።

«እትዬ፣ እዪልኝ።»

እትዬ! ያረጀሁ ይመስል። ፊቴን ወደ መስኮቱ እንዳዞርኩ እጄን ዘረጋሁ፣ ካርዱን ተቀበልኩ፣ ፈረምኩ፣ መለስኩላት። ለአፍታ ቆመች።

«አየሽው?»

«ፈረምኩ አይደል?»

ሄደች። አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ወጋቻቸው። ከዚያ ሌላ ሕመምተኛ ይዛ ራጅ ወደሚነሣበት ሕንፃ ወረደች።

ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ አልጋዎቹን ሳዳርስ አናጢው ጋ ደረስኩ። ዳቦው አልተነካም፤ ሻዩም ግማሹ ቀርቷል። ትራሳቸው በላብ ርሷል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። «አባባ» ስላቸው «መጋዙን ማን ወሰደው?» አሉኝ። ጣታቸውን ወግቼ ለካሁ፤ ስኳራቸው ወደ ሠላሳ ስምንት ወርዷል። የልብ ምታቸው መቶ አሥራ ስምንት። እንዲህ ለተደናገረ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥም፣ ትን ይለዋል። ከአጠገቤ የነበረችውን ነርስ ዶክተሯን በስልክ እንድትጠራ አዝዤ፣ በክፍሉ መመሪያ መሠረት ሃምሳ ሚሊ ሊትር የአርባ በመቶ ግሉኮስ በክንዳቸው ደም ሥር ላይ በነበረው መስመር ቀስ እያልኩ ሰጠሁ። በዚህ ሥራ ማንም አይበልጠኝም፤ ማሬም ቢሆን።

ዶክተሯ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ደረሰች። በሦስት ሰዓት ከሃያ ስምንት ደግሜ ስለካ መቶ አራት ሆኗል። ሽማግሌው ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ፣ ዙሪያውን ቃኙና «ማሬ የት ሄደች?» አሉ።

ከሞት የመለስኳቸው እኔ!

«ይኼ ዝግተኛው ኢንሱሊን በሁለት ሰዓት ውስጥ እንዲህ አይጥልም» አለች ዶክተሯ። «ምን ነበር የተሰጣቸው?»

ወደ መድኃኒት ማቀዝቀዣው ሄድኩ። የዝግተኛው ያለፈው ብልቃጥ ትናንት አልቆ እኔው ነኝ የጣልኩት። ዛሬ ጠዋት ከፋርማሲ የመጣው አንድ ብቻ ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ አለ፣ ክዳኑ አልተነሣም፣ ማንም መርፌ አላስገባበትም። ስለዚህ ያ ሃያ አራት ዩኒት የተቀዳው ከፈጣኑ ነው።

እውነቱን ልናገር፤ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ሽማግሌው ተርፈዋል፣ ማሬ አልቆላታል፣ ዓርብ ደግሞ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል?

ለዶክተሯ ነገርኳት። የአሥር በመቶ ግሉኮስ በጠብታ እንዲቀጥል፣ ስኳራቸው በየግማሽ ሰዓቱ እንዲለካ፣ ምግብ እንዲበሉ፣ እሷ ሳታዝ ሌላ ኢንሱሊን እንዳይሰጥ አለች፤ ትእዛዙን ጽፌ ቃል በቃል ደግሜ አነበብኩላት። የሽማግሌውን ልጅም ራሷ ጠርታ ምን እንደተፈጠረ ነገረቻት። ልጅየዋ ጮኸች፣ አለቀሰች፣ በመጨረሻ የአባቷን እግር በብርድ ልብስ ሸፍና ተቀመጠች።

ማትሮኗ መጡና የመድኃኒት ስህተት ሪፖርት ቅጹን ሰጡኝ። «ያገኘችው ናት የምትጽፈው። ያየሽውን፣ ያደረግሽውን፣ ለማን እንደነገርሽና ሰዓቱን ጻፊ። ግምት አትጻፊ፤ ጣትም አትቀስሪ።»

«እሺ፣ ማትሮን።»

እንደዚያ ቀን አምሮልኝ ጽፌ አላውቅም። ስህተቱ እንዴት እንደተገኘ፦ ላቡን፣ መንቀጥቀጡን፣ ሠላሳ ስምንቱን፣ ያልተከፈተውን ብልቃጥ። የሕመምተኛው ሁኔታ፦ ከግሉኮሱ በፊትና በኋላ የታየው ሁሉ በየሰዓቱ፤ አሁን ነቅተዋል፣ ሰው ይለያሉ፣ በልተዋል። ለሐኪም ማሳወቅ፦ ሦስት ሰዓት ከአሥራ አራት ላይ በስልክ፤ የመድኃኒቱ መቀያየር ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በቃል፤ የተቀበልኩት ትእዛዝ እነሆ። አንድ ስርዝ የለበትም። ጣት አልቀሰርኩም፤ ጽሑፉ ራሱ ይቀስርልኝ ነበር።

ገጹን ገለበጥኩ። «ሁለተኛ ነርስ መድኃኒቱን አይታ አረጋግጣለች? አዎ / የለም። ስም።»

ላቡ አሁን የእኔ ሆነ።

ካርዱን አወጣሁ። ከማሬ ፊርማ ጎን የእኔ ፊርማ ጅራቱን አስረዝሞ ተቀምጧል። ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይባላል። እኔ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ በደስታ ስምስ ነበር።

ማምለጫ ግን ነበረኝ። «አዎ» ላይ ምልክት ባደርግ፣ ያሳየችኝ ወተት መሳይ ነበር ብል፣ ከእኔ ከተለየች በኋላ ቀይራዋለች ማለት ነው። ማን ምስክር አለ? የእኔ አሥራ ስምንት ዓመት ከእሷ ሦስት ዓመት ጋር ይመዘናል፤ በዚህ ጊዜ ሚዛኑ ወደ እኔ ያደላል። እስክሪብቶው «አዎ» ላይ ደርሶ ቆመ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

በሩ ተንኳኳና ማሬ ገባች። ዓይኗ አብጧል። ያ ሳቅ ከዚህ ፊት ይወጣ ነበር ቢሉኝ አላምንም።

«እትዬ፣ እኔም የራሴን ጽፌያለሁ። ለማትሮን ከመስጠቴ በፊት አንብቢው ብዬ ነው።»

ወረቀቱን ተቀበልኳት። «የብልቃጡን ስም ሳላነብ ከፈጣኑ ቀዳሁ» ይላል። ዝቅ ብሎ፦ «ሁለተኛዋ ነርስ ሥራ ላይ ስለነበረች ሲሪንጁን አላሳየኋትም። ፊርማዋን ብቻ ጠየቅኳት። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው።»

«ይኼ ውሸት ነው» አልኳት። «አሳይተሽኛል።»

«አሳይቻለሁ። ግን አላየሽም ብዬ መጻፍ ከበደኝ። ልጆች አሉሽ፣ ቦታውም ይገባሻል። እኔስ ስቀዳ ተሳስቻለሁ፤ አንቺን ይዤ ልውደቅ?»

ይገርማችኋል፣ በዚያች ሰዓት ያመሰገንኳት እንዳይመስላችሁ። ቀናሁ። ከሳቋ ይልቅ፣ ከእጇ ይልቅ፣ ይኼ አንገበገበኝ። እኔ እሷን ልቀብር «አዎ» ላይ እስክሪብቶ ይዤ ቆሜአለሁ፤ እሷ እኔን ለማዳን ዋሽታ መጣች። በዚህም ልትበልጠኝ ነው? በዚህ እንኳ?

«ቅደጂው» አልኳት።

«እትዬ...»

«ቅደጂውና የሆነውን ጻፊ። አሳየሁ በይ። 'አየሽው?' ብዬ ጠየቅኩ በይ። ውሸት በሪፖርት ላይ ለነገ ሕመምተኛ መርዝ ነው፤ ይኼን ማንም አላስተማረሽም?»

በቁጣ ነው የተናገርኩት። እሷ ግን ቀና ብላ አየችኝ፤ ከብዙ ቀን በኋላ ያናገርኳት ረጅሙ ንግግር ነበርና።

«የለም» ላይ ምልክት አደረግሁ። ስሜን ጻፍኩ። ከሥሩም፦ «ሲሪንጁን ዘርግታ 'እዪልኝ' አለችኝ። ፊቴን አዙሬ ሳላይ ፈረምኩ። 'አየሽው?' ስትለኝም አላየሁም አላልኩም።»

ማትሮኗ ቆመው አነበቡት። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ለምን ፊትሽን አዞርሽ?»

«ግምት አትጻፊ ብለውኛል።»

«እየጠየቅኩሽ ነው።»

«ቀንቼባት ነው፣ ማትሮን። ይኼ ደግሞ ግምት አይደለም።»

«ቅጹ ለዚህ ቦታ የለውም» ብለው ወረቀቱን አጥፈው ያዙት። ሁለታችንም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠን፣ ሁለታችንም እንደገና ሥልጠና ገባን። ዓርብ ከሌላ ክፍል የመጣች ዝምተኛ ሴት ኃላፊ ሆነች። የመጀመሪያ ሥራዋ ሁለቱን ብልቃጦች በተለያየ መደርደሪያ ማስቀመጥ ነበር። ባሌ «እንግዲህ በማን ልትቀኚ ነው?» አለኝ።

ዶክተሯ ኢንሱሊኑን መልሳ በፈቀደች በመጀመሪያው ጠዋት ማሬ ሲሪንጁን ይዛ መጣች። አናጢው ከአልጋቸው ላይ ሆነው ሁለታችንንም ያያሉ። ልጃቸውም ታያለች።

«እትዬ፣ እዪልኝ።»

ብልቃጡን ተቀብዬ አነበብኩ። ሲሪንጁን ወደ ብርሃኑ አነሣሁት። ወተት መሳይ ነው። መስመሩን በጣቴ ቆጠርኩ፤ ሃያ አራት። ካርዱን ጮክ ብዬ አነበብኩ። ከዚያ ፈረምኩ።

«በይ ማሬ፣ ውጊኝ» አሉ ሽማግሌው። «እሷማ ሚስማር ነው የምትመታው።»

ማሬ ሳቀች፣ ኮሪደሩ ድረስ። አንጀቴ እንደ ድሮው አረረ። እኔ ግን መርፌው ገብቶ እስኪወጣ ድረስ ዓይኔን ከእጇ ላይ አላነሣሁም።