ቀጭኑ ፊደል ጨርቅ ላይ

ሽርርጥ! ከመጋረጃው ጀርባ ቀለም የሚገፋው ጎማ የማተሚያው ስክሪን ላይ በደረቁ ሲፋቅ ተሰማ። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ሊበን ገና ሳያይ ቀለሙ መረቡ ውስጥ መድረቁን ዐወቀ።

«ይኸው አራተኛው!» አለች አታሚዋ ናስቲሆ፣ ነጭ አቡጀዲ ዘርግታ እየወጣች። ስለ ጎርፍ የሚያስጠነቅቀው ጽሑፍ አይጥ የበላው ይመስላል። «አቦ፣ ፊደሉን አወፍረን እንገላገል!»

«ማኅተም ያለበትን ማን ይነካል?» አለ ሊበን።

ባነሮቹን ያዘዘው መሥሪያ ቤት በማኅተሙ ያጸደቀው ናሙና ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ያለ ዲዛይነሯ ፊርማ አንዲት መስመር አይቀየርም። እንዳለ ቢያትመው ጨርቁ ይበላሻል፤ ቢያወፍረው ናሙናውን ጣሰ ይባላል። በሁለቱም ሥራውን ይነጠቃል፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ ያለችው ሱቁም በዚሁ ሥራ ነው የቆመችው። ባነሮቹ ነገ ደቻቱ ወንዝ ዳር መሰቀል አለባቸው። ዲዛይነሯ ዊዳድ ደግሞ «ኮምፒውተሬ ላይ ያምራል» ካለች ወዲህ ስልክ አታነሳም።

ስለዚህ ደብዳቤ ጻፈላት፦

«እህቴ ዊዳድ፣ ፊደልሽ ወረቀት ላይ ያምራል። ጨርቅ ግን ወረቀት አይደለም። ስክሪኑ የክር መረብ ነው፤ ቀጭኑ መስመር ክሩ ላይ ከወደቀ ቀለሙ ማለፊያ አያገኝም። ያለፈውም የአቡጀዲውን ክር ጉብታ ይዞ ጎድጓዳውን ይዘለዋል። ቀለም ባበዛ ይሰራጭና የፊደሉን ቀለበት ይደፍነዋል። በእኛ ሙቀት ደግሞ ጠባቡ ክፍተት ቶሎ ይደርቃል። ደርሶ ቢሰቀል እንኳ ንፋስ ሲያርገበግበው ከማዶ አይነበብም። ወፈር አድርጊው፣ ፊደሎቹንም ትንሽ አራርቂያቸው። ፈርሚልኝ።»

ናስቲሆ ከትከሻው በላይ አነበበችው። «ወሪያ፣ ይሄ ልመና ነው ክስ?»

«ሁለቱም።»

ደብዳቤውን ከተበላሸው ጨርቅ ጋር በባጃጅ ላከው። ከአሱር ሶላት በፊት ዊዳድ ራሷ ጨርቁን በክንዷ ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ከእኔ ፊደል ጋር ምን አጣላህ?»

«እኔ ምን አጣላኝ? ጨርቁ ነው የተጣላው።»

«ከማዶ ቁሚና አንብቢዋ!» አለች ናስቲሆ፣ ጨርቁን ተቀብላ በሩ ላይ እየወጠረች። «እኛማ ስለምናውቀው እናነበዋለን።»

ዊዳድ መንገዱን ተሻገረች። ሊበን ከንፈሯን ያያል። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ቆመ፤ ዓይኗን አጥብባ እንደገና ሞከረች፤ አሁንም መሃል ላይ ቆመ።

ተመልሳ ስትገባ ሊበን እስክሪብቶውን አቀበላት። ተቀበለችው። ናሙናው ላይ አጎነበሰች። ልትፈርም ነው ሲል ግን እስክሪብቶውን ቀስ ብላ አስቀመጠችው፣ ማኅተም ያለበትን ወረቀት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ዊዳድ! ያለ እሱ እኮ እጄ ታሰረ። ላትም ወይስ ልተው?»

ፊቷን አዙራ ወጣች። ውጭ የቆመው ባጃጅ ውስጥ ገባች፣ ሹፌሩን በጣቷ ወደፊት አመለከተችው፣ ሄደች። ስህተቷን በፊርማዋ ማመን አልፈለገችም፤ ሊበንም ያለ ፊርማ፣ ያለ ናሙና ቀረ።