ሳቅ ያለበት ዘፈን

"ይሄን የእጅ ጽሑፍ የት ነው የማውቀው?" አለ የራዲዮ አዘጋጁ፣ ፖስታውን በእስክሪብቶው ጫፍ እየቀደደ።

"ልብስ ሰፊዋ ናት፣ ጋሼ" አለች ቴክኒሻኗ። "ያቺ የሌሊት ዘፈን የጠየቀችህ። ላመሰግን ብላ ይሆናል።"

አዘጋጁም እንደዚያ መስሎት ነበር። ልብስ ሰፊዋ ከሳምንታት በፊት ስትጽፍለት የሰጠችው ፍንጭ እፍኝ አይሞላም። ዝናብ የጣለበት ሌሊት ነው። ሁለት ወንዶች በአኮርዲዮን ይዘፍናሉ፤ ከበሮ የለውም። መሃል ላይ አንደኛው ይስቃል። ዘፈኑ እንዳለቀ የሰባት ሰዓት ዜና ገባ። የታመሙት ግንበኛ አባቷ አጠገቧ ሆነው ሲሰሙ፣ "ይቺ ሳቅ የጓደኛዬ ናት፤ አብረን ድንጋይ ስንፈልጥ የሚስቃት" ብለው ከትራሳቸው ቀና አሉ። አንዴ ደግመው እንዲሰሙት ነበር ልመናዋ።

የሥራ ባልደረቦቹ አዘጋጁን "ማውጫው" ይሉታል። የትኛውንም ዘፈን ቢጠይቁት ዘፋኙንና ዓመቱን ከአፉ ይመዛል። የዚያን ዕለትም ደብዳቤውን አንብቦ ሳያጥፈው "ይቺማ ቀላል ናት" አለ በአየር ላይ፤ አገር የሚያውቀውን የሁለት ዘፋኞች ዜማ አጫወተ።

አሁን የያዘው ወረቀት ግን አጭር ነው።

"ያጫወቱልንን ሰማን። አባቴ 'ይሄ አይደለም፤ እነዚህ አይስቁም' ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እርስዎን ማሳፈር መሰለኝና ዝም አልኩ። ባለፈው ሳምንት አረፉ። ከእንግዲህ ፈልጉልኝ አልልም። ሌላ ሰው ይሄንኑ ዘፈን ሲፈልግ በተሳሳተ ስም እንዳይንከራተት ብዬ ነው።"

ወረቀቱን ለቴክኒሻኗ ሰጣት። ቆማ አነበበችው።

"ያኔ ለምን አላጣራንም?" አለችው።

"የማውቅ መስሎኝ ነዋ። የዚያ ሰሞን ሥርጭት ቅጂ አለ?"

"የለም። ማሽኑ ወር ሲሞላው በላዩ ላይ ይቀዳበታል። የተጫወቱት ዘፈኖች ዝርዝር ግን አለ፤ እሱ አይጠፋም።"

የመጀመሪያውን ፖስታ ከመሳቢያ አወጣ። ማኅተሙ የተላከበትን ቀን ይናገራል፤ ከዚያ ወደኋላ ያሉትን ሌሊቶች ማየት ነው እንግዲህ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ዘፈን የሚመርጠው ኮምፒውተሩ ስለሆነ፣ ቴክኒሻኗ በየሌሊቱ ከሰባት ሰዓት ዜና በፊት የመጨረሻ የነበረውን እየለየች አነበበች። ሴት ዘፋኝ። መሣሪያ ብቻ። አሁንም ሴት። ቀጥሎ ስም የሌለው፦ "ክር አሥራ አራት፣ ለ፣ ሦስተኛ"።

"ይሄ ምንድን ነው?" አላት።

"ከድሮ የቴፕ ክር ሲገለበጥ ስም ያልተጻፈለት ነው። ኮምፒውተሩ ስም ኖረው አልኖረው ምን ገዶት።"

ከፈተችው። አኮርዲዮኑ ቀደመ፣ ሁለት ወንዶች ተከተሉት። ሁለተኛው አዝማች ላይ አንደኛው ዘፋኝ ግጥሙ ጠፋበት መሰል፣ መሃሉ ላይ ፈንድቶ ሳቀ። ጓደኛው ዜማውን ብቻውን ተሸክሞ ጨረሰ።

አዘጋጁ የጆሮ ማዳመጫውን ቀስ ብሎ አወረደ። ፖስታውን ሲከፍት የቀዳው ሻይ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

"ዛሬ ማታ እናጫውተውና ይለቅ" አለች ቴክኒሻኗ። "እሷም ደስ ይላታል።"

"መጀመሪያ እሷን ልጠይቅ።"

ከደብዳቤው ግርጌ ወዳለው ስልክ ደወለ። ከወዲያ የስፌት መኪና ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ማን እንደሆነ ሲነግራት ቆመ።

"ዘፈኑን አገኘሁት፣ እህቴ። አባትዎ ልክ ነበሩ። ያኔውኑ ባጣራ ኖሮ ይደርስላቸው ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"ይስቃል?" አለች።

"ይስቃል።"

"ብዙ ልፋት ነበረው ፍለጋው?"

ነበረው ሊላት አፉን ከፈተ። "አልነበረውም" አላት።

"እንግዲህ ምን ይደረጋል" አለች ልብስ ሰፊዋ። "እባክዎ ዛሬ አያጫውቱት። ቤቱ ሰው አለበት፤ እኔም አልችለውም። ስችል እደውላለሁ።"

ዘፈኑን ከማታው ተራ አስወጣው። ፕሮግራሙ ሲጀመር የመክፈቻውን ሙዚቃ ዝቅ አስደርጎ፣ ያን ጊዜ የሰጠው መልስ ስህተት እንደነበረና ሳያጣራ እንደተናገረ ገልጾ አድማጯን ይቅርታ ጠየቀ። የሚያስተባብል ቃል አልጨመረበትም።

ቀጥሎ የአንድ ሹፌር ደብዳቤ ነበር፦ በሌሊት ጉዞ የሰማው፣ በፉጨት የሚጀምር፣ የሴት ዘፈን። ርዕሱ ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ፤ ዓመቱም ጭምር። ቴክኒሻኗ ከመስታወቱ ወዲያ ዘፈኑን አዘጋጅታ፣ ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳርፋ ታየዋለች።

እጁን አንስቶ ቆዪ አላትና ወደ ማይክሮፎኑ ቀረበ።

"ወንድሜ ሹፌሩ፣ ግምት አለኝ፤ ግን ግምት ነው። የትኛው ሌሊት እንደነበረና ከዘፈኑ በፊት ወይም በኋላ ምን እንደሰማህ ጻፍልኝ። ዝርዝሩን አይቼ እነግርሃለሁ።"