በሽንፋ ሰዓት

ሰዓት በመቁጠር የሚቀድመኝ የለም ባይ ነበርኩ። መተማ ዮሐንስ ሱቅ ያለው ሰው ሁሉ እንዲያ ነው። ከድንበሩ ማዶ፣ ሱዳን ገላባት ያለ ደንበኛዬ በነሱ አቆጣጠር «ጠዋት በአስር እመጣለሁ» ካለ፣ በኛ ረፋድ አምስት ሰዓት መሆኑን ሳላስብ አውቀዋለሁ። እና የገዛ ወንድሜ ጉድ ሠራኝ!

አንዱአምላክ ሜልቦርን ከሄደ አራት ዓመቱ ነው፣ ዳቦ ቤት ይሠራል። ልቡ ግን እዚሁ አጠገባችን ሽንፋ፣ እስከዳር ዘንድ ቀርቷል። አባቷ ጋሼ ዘሩ ሰሊጥ አምራች ናቸው፣ ቃላቸው አንድ ነው። ሽማግሌ ስንልክባቸው «ልጁን በዓይኔ ሳላይ ልጄን አልሰጥም፤ መምጣት ካልቻለ በስልክ ይታየኝ» አሉ። አንዱም በቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «እሑድ በ9 ደውሉ» ብሎ ጻፈ። እማዬ ውባንች ደስ ብሏት በልብ ምልክት ሞላችው።

እኔም ስልክ ያዥ ሆኜ ከጋሼ ደረበና ከሌሎቹ ሽማግሎች ጋር ሽንፋ ወረድኩ። ልክ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደወልኩ። ይጠራል፣ ይጠራል፣ ዝም። ደግሜ ደወልኩ። ጋሼ ደረበ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እስከዳር ከጓዳው በር ሆና እያየችኝ ነው፤ ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

«ተኝቷል መሰል» አሉ ጋሼ ዘሩ።

ለካ እውነታቸውን ነው! በኋላ እንደነገረን፣ አንዱ ዘጠኝ ያለው በፈረንጅ አቆጣጠር የሜልቦርንን ማታ ዘጠኝ ነበር፣ በኛ ቀን ስምንት። አንድ ሰዓት ሙሉ ሱፍ ለብሶ ተገትሮ፣ ሌሊት ሥራ ስለሚገባ ስልኩን ድምፅ አጥፍቶ ተኛ። እኛ ደግሞ ያን ጊዜ ነው የደወልነው።

«ሰሊጥ በጊዜው ካልታጨደ ይረግፋል፣ ማንንም አይጠብቅም» አሉ ጋሼ ዘሩ። «የፊታችን እሑድ፣ ቀን ስምንት ሰዓት፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ሰኞ እርሻ እወርዳለሁ፣ እዚያ ኔትወርክ የለም። ሌላም ጠያቂ አላት።»

ተናድጄ ቤቴ ገባሁ። መጀመሪያ አንዱን በድምፅ መልእክት ልክ ልኩን ነገርኩት። ጅዳ ያለችው እህታችን መስከረም «ተይው፣ አንቺም አልጠየቅሽውም» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አልጠየቅኩትም። እኔ ሰዓት አዋቂዋ!

ዓርብ ዕለት ቁጭ ብዬ እንዲህ ስል ጻፍኩ፦ «እሑድ መስከረም 25፣ ቀን 8 ሰዓት፣ በሽንፋ ሰዓት። በፈረንጅ አቆጣጠር 14:00፣ የኢትዮጵያ። አንዱ፣ ያንተን ራስህ አስላና ቀኑንም ሰዓቱንም ጽፈህ መልስልኝ። ‹እሺ› ብቻ ብትል ወዮልህ!»

ልጽፍለት የነበረው «ያንተ ማታ ዘጠኝ» ብዬ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ቆጥሬዋለሁና። ምን እንደያዘኝ አላውቅም፣ ተውኩት።

መልሱ መጣ፦ «እሑድ፣ ማታ 10:00፣ በሜልቦርን።»

ደሜ ፈላ። «አስር? ባለፈው ዘጠኝ አልነበረም እንዴ? ዳግመኛ ልታዋርደን ነው?»

«ስርጉትዬ፣ ተረጋጊ» አለኝ ደውሎ። «ለእሑድ አጥቢያ እዚህ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፋል። በየዓመቱ እንዲህ ነው። የናንተ አይንቀሳቀስም፣ የኛ ነው የሚዘለው።»

ኧረ ጉድ! «ዘጠኝ» ብዬ ብጽፍለት ኖሮ አሁንም አንድ ሰዓት ቀድሞ ሊቀመጥ፣ አሁንም ልንደውል ስንል ሊተኛ! እግዜር ይስጠው ብዬ ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ፣ ከዚያ ደግሞ ሳቅኩ።

እሑድ እንደገና ሽንፋ ወርደን፣ ገና ሩብ ጉዳይ ለስምንት ሲሆን በቪዲዮ ደወልኩለት። ልጁ ሱፉን ለብሶ፣ ከረባቱ ጠምሞ፣ ተቀምጦ ይጠብቃል። ጋሼ ዘሩ ሰዓታቸውን አዩ፣ እሱን አዩ።

«ስንት ሰዓት ነው እዚያ?»

«ሩብ ጉዳይ ለአስር ነው፣ ማታ። እዚያ ሩብ ጉዳይ ለስምንት፣ ቀን፣ በእርስዎ ሰዓት።»

«ሌሊት ሥራ የለህም?»

«አለኝ። ዛሬ አልተኛም፣ ጋሼ።»

ጓዳ በኩል የሆነ ነገር ወድቆ ተንኳኳ። «እስከዳር!» ብለው ተጣሩ ጋሼ ዘሩ፣ «ነይ፣ ሰላም በይው እንጂ፣ ምን ትደበቂያለሽ?»

እልልታው ከሽንፋ ተነስቶ በስልኩ እማዬ ዘንድ መተማ ዮሐንስ ደረሰ፣ ከዚያ ተቀብላ ደገመችው።

በዚያው ቀን ጋሼ ዘሩ ግሩፑ ውስጥ ካልገባሁ አሉ። አስገባናቸው። የመጀመሪያው የድምፅ መልእክታቸው ይኸው ነው፦ «ሠርጉ እሑድ ጥር 17፣ ቀን 6 ሰዓት፣ በሽንፋ ሰዓት። ሁላችሁም የየራሳችሁን አስሉና መልሱልኝ!»

መስከረም ከጅዳ ሰዓቷን ቆጥራ መለሰች። እኔም መለስኩ፣ ከመተማ ዮሐንስ፣ ከሽንፋ ጋር አንድ ዓይነት ሰዓት ቢሆንም።

አንዱአምላክ ግን ትንሽ ቆየ። ተኛ ብዬ ልሰድበው ስል መልእክቱ ብቅ አለ፦

«እኔ አላሰላም፣ ጋሼ። ትኬቴን ቆርጫለሁ። የዚያን ቀን ሰዓቴ የእርስዎ ሰዓት ነው።»