የአብዱልሐሊም ስም በወይን ዝርዝሩ ላይ

ውባለም የምሳ ሰዓት ሳይደርስ ከምግብ ቤቷ ጠረጴዛዎች የወይን ዝርዝሩን እየለቀመች ክንዷ ላይ ደረደረችው። ላስቲክ የለበሰ፣ ገና ጥፍር ያልቧጨረው አዲስ ዝርዝር ነው። ታናሽ ወንድሟ ሲሳይ ከሒሳብ መቀበያው ጀርባ ቆሞ ግራ ተጋብቶ ያያታል።

"ምነው? ገና አሁን አይደለም እንዴ ያሳተምነው?"

"ስም አለበት" አለች።

ስሙ ከታች ነው ያለው። ከላይ ቀዩና ነጩ የወይን ጠጅ ተዘርዝሮ፣ ከሥሩ በጉልህ ፊደል "የአብዱልሐሊም የመርሳ ማር ጠጅ" ይላል። ውባለም ይህን ያስጻፈችው በክብር ነው። ሰው የሚያሞግሰው ጠጅ ከማን ቀፎ እንደ መጣ ይወቅ ብላ ነው። ወልድያ ውስጥ ከሰው ሁሉ ተግባብታ ለኖረች ሴት፣ የሙስሊም ሽማግሌ ስም ጠጅ ላይ መጻፍ ምን ማለት እንደሆነ ሳይታያት መቅረቱ ይገርማል። ግን ደግ ሰው የሚሳሳተው እንዲህ ነው፤ ለማክበር ሲቸኩል።

አንድ ደንበኛ ዝርዝሩን በስልኩ አንስቶ ለጠፈው። ፎቶው መርሳ ደረሰ። ጠዋት የአብዱልሐሊም ልጅ ሁሪያ ደውላ፣ "አባቴን ትናንት ከጁምዓ ሲወጣ አሳዩት። ቤት ከገባ ከሰው ጋር አልተነጋገረም" አለቻት። ክፉ ቃል አልጨመረችም። ውባለምን ያሳመማት ይኸው ነው።

"እንግዲህ ስሙን እናጥፋና ዝም እንበል" አለ ሲሳይ። "ማሩንም ከሌላ ግዢ።"

"ዝም ካልን እኮ ይብሳል። የጠጁ ጣዕም ይለወጣል፣ ስማቸው ከዝርዝሩ ይጠፋል። ሰው ምን የሚል ይመስልሃል? 'ስኳር ቀላቅለው ደረሰችባቸው' ነው የሚለው። ከዚያ በኋላ ማራቸውን ማን ይገዛቸዋል?"

ሲሳይ አሰበ። እውነቷን ነው። የመርሳው ማር ከብርቱካን አበባ የተቀሰመ፣ ቀላ ያለ፣ ጠጁም አፍ ላይ የሚቆይ ነው። ለምትክ ያሰበችው የጉባ ላፍቶው ንብ አርቢ የገዛኸኝ ማር ደግሞ የደጋ ነጭ ማር ነው። ጠጁ ቀለል ይላል፤ የጌሾውም መጠን መቀነስ አለበት፣ አለዚያ ምሬቱ ማሩን ይውጠዋል። ዓመታት የጠጡ ደንበኞች ይህን በመጀመሪያው ጉንጭ ያውቁታል።

"እንግዲያው 'ማር ተወደደ' በይ። የውጭውን ወይን ከዝርዝሩ ስናወጣ ዶላር ተወደደ ብለን የለም?"

"ያኔ እውነት ነበራ። ደግሞ ዶላር ብቻ አላልኩም።"

አላለችም። ያን ጊዜም ለየደንበኛው ነግራለች፦ መብራት ሲጠፋ ዕቃ ቤቱ ይሞቃል፤ ቡሽ ያለው ጠርሙስ ቆሞ ሲከርም ቡሹ ይደርቃል፤ በብርጭቆ ለመሸጥ የተከፈተ ውድ ወይን የሚጨርሰው ካጣ ይኮመጥጣል። የኮመጠጠውን ቀይ ወይን ለሥጋ መዘፍዘፊያ ከማድረግ በቀር ለሰው ቀድታ አታውቅም። በዚህ ጠባይዋ ብዙ ገንዘብ አጥታለች፤ ደንበኛ ግን አላጣችም።

ጠረጴዛ ስባ ተቀመጠችና መጻፍ ጀመረች። "ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን" አለች። "የወይን ዝርዝራችን ተለውጧል። ከእንግዲህ ጠጃችን የሚጣለው ከጉባ ላፍቶ በሚመጣ ነጭ ማር ነው። ቀለሙ ይነጣል፣ ጣዕሙ ቀለል ይላል፤ ለአቶ ገዛኸኝ ማሩ ለጠጅ መሆኑን ነግሬ ነው የምገዛቸው። የአብዱልሐሊም ማር ጥፋት አልተገኘበትም፤ ንጹሕ ነው። ጠጅ እንደምጥልበት እሳቸው አያውቁም ነበር። ስማቸውን ሳላስፈቅድ የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

አንብባው ልቧ አልረጋም። የሰው ስም ሁለተኛ ሳታስፈቅድ ልትጽፍ አይደለም። ወረቀቱን አጣጥፋ መናኸሪያ ሄደች፤ ሲሪንቃን አልፋ መርሳ ወረደች።

አብዱልሐሊም ከማንጎው ጥላ ሥር ቀፎ ይጠግናሉ። ሲያዩዋት ተነሡ።

"ግቢ ልጄ፣ አትቁሚ። ሁሪያ፣ ውሃ አምጪላት።"

"ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።"

"መጀመሪያ ተቀመጪ።"

ተቀመጠች። ወረቀቱን ዘርግታ አነበበችላቸው። ሽማግሌው የቀፎውን ቀርከሃ በጣታቸው እየዳበሱ እስከ መጨረሻው ሰሙ።

"ደግ ጽፈሻል። አንዱን ሰርዢው ብቻ።"

"ስምዎን ነው?"

"ስሜማ አንዴ ወጥቷል። 'አያውቁም ነበር' የሚለውን ነው።"

ውባለም ቀና ብላ አየቻቸው።

"አንቺ ቤት ዳቦ በማር ይበላል፣ ብርዝ ይጠጣል፤ እኔም ጠጥቻለሁ። ግን ያን ሁሉ ማር በዳቦና በብርዝ እንደማትጨርሺው ልቤ ይነግረኝ ነበር። ብጠይቅሽ እውነቱን ትነግሪኛለሽ። ያኔ መሸጤን ላቆም ነው። ስለዚህ ዝም አልኩ። አላህ ይማረኝ፣ የኔ ድርሻ ይኼ ነው።"

"እንደሱ ከተጻፈ እኮ የመርሳ ሰው ይፈርድብዎታል" አለች። "'አያውቁም' ቢባል ነፃ ይወጣሉ።"

"ሰው ይፍረድ። ሰው ሲፈርድ ይመሻል ይነጋል፣ ይረሳል። 'አልጠየቁም፣ እኔም አልነገርኳቸውም' በይ። እሱ ልኩ ነው።"

ሁሪያ ውሃውን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። አባቷን እንደ አዲስ ሰው አየቻቸው። ውባለም ደግሞ ያን አንድ መስመር ስትሰርዝ አፈረች፣ ኮራችም። እኚህ ሰው ለመዳን የተዘረጋላቸውን ገመድ ልኬ አይደለም ብለው የመለሱ ናቸው። ስንቱ የተማረ፣ ስንቱ ባለሥልጣን ያን ገመድ ሁለት እጁን ዘርግቶ በተቀበለ ነበር።

"ከእንግዲህስ ማርዎን አልገዛም ማለት ነው?"

"ለብርዝና ለዳቦ የሚበቃሽን ሰው ልከሽ አስወስጂ፣ እሰጥሻለሁ። አሁን ግን ለምን እንደሆነ እየጠየቅሁሽ ነው።"

"ለዚያ ብቻ ነው" አለች።

"በቃ። እሱን ከወይኑ ጋር አትጻፊው እንጂ፣ ስሜን ብታነሺው አልቀየምም።"

ወልድያ ስትመለስ ሲሳይ ላፕቶፑን ከፍቶ ጠበቃት። ያረመችውን እያነበበች አስተየበችው። "አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ማሩ ግን ንጹሕ ነው" የሚለው ላይ ሲደርስ ጣቱን አንሥቶ ቆየ።

"ራሳቸው ናቸው እንዲህ ያሉት?"

"ራሳቸው።"

"ጉድ ነው" አለና ቀጠለ። መጨረሻ ላይ ግን እንደገና ቆመ። "ለውጡ ከመቼ ጀምሮ ይባል? ለፋሲካ የጣልነው በርሜል እኮ በመርሳው ማር ነው። ትናንት ተጣርቷል፣ ደርሷል። የበዓሉ ገበያ ያለው እሱ ላይ ነው። የገዛኸኝ ማር ዛሬ ቢጣል ለበዓል አይደርስም።"

"አውቃለሁ።"

"'ከፋሲካ በኋላ' ብዬዋለሁ። ውሸት የለበትም። ማሩን የገዛነው አስቀድመን ነው፣ ተከፍሎበታል። እሳቸውም ስለ በርሜሉ ምንም አላሉም።"

"አላሉም። አልጠየቁኝም።"

ከአፏ ሲወጣ ራሷ ሰማችው። ሲሳይም ሰማው፤ ዓይኑን ከላፕቶፑ ላይ አላነሣም።

"ኪሳራው ቀላል አይደለም እቴ" አለ ቀስ ብሎ።

"አይደለም" አለች። ወንበሩን አዙራ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበች። "ከፋሲካ በኋላ" የሚለውን አጥፍታ "ከዛሬ ጀምሮ" ብላ ጻፈች። ደብዳቤውን ለደንበኞቿ ላከችና፣ እጅጌዋን ሰብስባ በርሜሉን ልትደፋ ወደ ጓዳ ገባች።